ዝም ላለች የ13 ዓመት ተማሪ የሪፈር ደብዳቤ አጻጻፍ፦ ከትምህርት ቤት አማካሪ ወደ ልጆች የአእምሮ ሐኪም

ከትምህርት ቤት ወደ አእምሮ ሐኪም ከሚሄዱ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ሁለት መስመር ናቸው። «ተማሪዋ በድብርት ስለተያዘች አስፈላጊው ሕክምና እንዲደረግላት በትህትና እንጠይቃለን» ይላሉ። ከታች ፊርማ፣ ክብ ማህተም፣ ከዚያ ግልባጭ ለአራት ቦታ።

ሐኪሙ ከዚህ ምን ያገኛል? ምንም። ልጅቷ ፊቱ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ግን የማታውቀው ክፍል፣ የማታውቀው ሰው ፊት የተቀመጠ የ13 ዓመት ልጅ ሁሉ ዝም ይላል። ዝምታዋ የተፈጥሮዋ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ሕመም ይሁን በአንድ ቀጠሮ አይለይም። የሚለየው ልጅቷ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ሲታወቅ ነው። ያንን የምናውቀው ደግሞ እኛ ነን፤ በሳምንት አምስት ቀን እናያታለን። ስለዚህ የደብዳቤው ሥራ የበሽታ ስም ማውጣት አይደለም። ከመቼ ጀምሮ፣ ምን፣ ከምን ወደ ምን እንደተለወጠ በማስረጃ ማሳየት ነው።

እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ችግር አለ። የሚረብሽ ወንድ ልጅ በሳምንቱ ቢሮ ይጠራል። ዝም ያለች ሴት ልጅ ግን «ጨዋ ናት» ትባላለች። ሦስት ወር ሙሉ እየሰመጠች ምስጋና ይጎርፍላታል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ተማሪዋ ደሴ ውስጥ 7ኛ ክፍል ናት እንበል። እናቷ ባለፈው ነሐሴ ዓረብ አገር ሄዳለች። የምትኖረው ከአያቷና ከ6 ዓመት ወንድሟ ጋር ነው። ዝርዝሩ ለማስተማሪያ የተቀናበረ ነው፤ የአንድ ልጅ ታሪክ አይደለም።

1. መጀመሪያ ለዩ፦ ደብዳቤ ነው ወይስ ድንገተኛ ክፍል?

መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ልጅቷን ስለ ሞት በግልጽ ጠይቋት። ብዙ መምህራን «ያላሰበችውን ባስታውሳትስ?» ብለው ይህን ጥያቄ ይሸሹታል። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። እንዲያውም ለብቻው ሲሸከመው የቆየ ልጅ የሚናገርበት በር ያገኛል። አጠያየቁ ግን ምርመራ መምሰል የለበትም። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ያለውን ነው፦

«አንዳንድ ልጆች በጣም ሲከፋቸው ‹ተኝቼ በዚያው ባልነቃሁ› ብለው ያስባሉ። አንቺስ እንዲህ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

አዎ ካለች አትደንግጡ። «አብሽሪ፣ እንዲህ አይባልም» ብላችሁም አትዝጉት። ቀጥሉ፦ እንዴት አድርገሽ ብለሽ አስበሻል? መቼ? ያሰብሽው ነገር ቤት ውስጥ አለ? ከዚህ በፊት ሞክረሽ ታውቂያለሽ?

መንገዱን ወይም ጊዜውን ካሰበች፣ ወይም ሞክራ ከነበረ፣ የደብዳቤ ነገር ይቆይ። በዚያው ቀን ከአዋቂ ሰው ጋር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለች። እስከዚያ ለደቂቃም ብቻዋን አትተዋት። በእጅ የተጻፈ አምስት መስመር ይበቃል፤ ማህተም አይጠበቅም። የማይታይ ሰው ድምፅ ትሰማለች ከተባለ፣ እህል ውሃ ካቆመች፣ ወይም ጭራሽ መናገርና መንቀሳቀስ ካቃታት እንዲሁ የዚያን ዕለት ነው።

ሞትን ተመኝታ ግን ምንም ካላቀደች ደብዳቤው መንገዱን ይይዛል። የዚያኑ ቀን ግን ለአያቷ ነግራችሁ የአይጥ መርዝ፣ ፀረ ተባይ፣ በረኪናና የቤቱ መድኃኒት ሁሉ ተቆልፎ እንዲቀመጥ አድርጉ። የምሳሌያችን ልጅ እዚህ ላይ ናት። «ባልነቃ ደስ ይለኛል» ብላለች። እቅድ የላትም።

2. ማስረጃውን ከመዝገብ ጀምራችሁ ሰብስቡ

መምህራንን «እንዴት ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ዝምተኛ ናት» ይሏችኋል። ከዚህ ይልቅ የስም መጥሪያውንና የውጤት መዝገቡን አውጡ። እነሱ ቀን አላቸው።

መቅረትን ስትቆጥሩ ስንት ቀን እንደቀረች ብቻ ሳይሆን የትኛው ቀን እንደቀረች እዩ። ደሴ ውስጥ ሰኞ ሰኞ የሚቀር ልጅ ብዙ ጊዜ ያልታመመ ልጅ ነው፤ ሰኞ ገበያ ቤተሰብ እያገዘ ነው። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ሴት ልጅ የወር አበባ ላይ ልትሆን ትችላለች። የእኛ ተማሪ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 5 ቀን ቀርታለች፤ አምስቱም ሰኞ ነው። ከጥር አጋማሽ ወዲህ 16 ቀን ቀርታለች፤ ሰኞ የሆነው 4ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ 12ቱ አዲስ ናቸው። «ብዙ ትቀራለች» ከሚለው ጋር ልዩነቱን እዩት።

ጾምም እንደዚሁ ያሳስታል። በ2018 ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ነበር። በጾም ወር ልጆች ቀን አይበሉም፤ ሌሊት ይነቃሉ፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። በየካቲት ብቻ የታየ እንቅልፍ ምንም አይነግረንም። የእኛ ተማሪ ግን ምሳዋን ሳትበላ መመለስ የጀመረችው ጥር ላይ ነው። ዒድ ካለፈም በኋላ አልተስተካከለችም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ ይግባ። ዐቢይ ጾም ለሚጾሙትም ስሌቱ ያው ነው።

ቀጥሎ ሰዎችን ጠይቁ። ግን የሚጠየቀው ያዩት እንጂ የሚመስላቸው አይደለም። ክፍል ኃላፊዋ እጇን አውጥታ የመለሰችበትን የመጨረሻ ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። በእረፍት ሰዓት የት ትቀመጣለች? ከማን ጋር ወደ ቤት ትሄድ ነበር? አሁንስ? ከየትኛው ክበብ ወጣች? የእኛዋ ሚኒ ሚዲያ ላይ ጠዋት ጠዋት የምታነብ ልጅ ነበረች። ጥር አጋማሽ ላይ ወረቀቱን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወጣች። እንዲህ ያለ አንድ እውነተኛ ክስተት ከአሥር ቅጽል ይበልጣል።

ሌላ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ ዝምታ የሚመስሉ ግን ሌላ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ከጀርባዋ በለሆሳስ ስትጠሯት ትዞራለች? ካልዞረች የጆሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ሴኮንድ ፍዝዝ ብላ፣ ቢጠሯት ሳትሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች? ይህ የሚጥል በሽታ አንዱ መልክ ሊሆን ስለሚችል ያያችሁትን ጻፉ። ቤት ውስጥ እንደ ልቧ እያወራች ትምህርት ቤት ብቻ ነው ዝም የምትለው? ይህ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ የሚያስበው መንገድ ይለያል። እናንተ መልሱን ማወቅ የለባችሁም፤ ያያችሁትን ማስፈር ብቻ።

3. አያቷንና ልጅቷን አነጋግሩ

አያቷን ስትጠሩ «ልጅዎ ታማለች» ብላችሁ አትጀምሩ። ያያችሁትን ተናገሩና እሳቸው ያዩትን ጠይቁ። «እማማ፣ እኛ ከጥር ወዲህ እንዲህ እንዲህ አይተናል። እርስዎስ ቤት ምን አዩ?» ብትሏቸው ብዙ ጊዜ ከእናንተ የበለጠ ያውቃሉ። እኩለ ሌሊት ድረስ እንደማትተኛ፣ እናቷ በኢሞ ስትደውል ስልኩን እንደማትቀበል፣ ቀሚሷ እንደሰፋት ነገሩን።

ሃይማኖታዊውንም ጠይቁ። ፀበል ተወስዳለች? ቁርአን ተቀርቶላታል? የባህል መድኃኒት ጠጥታለች? ይህን ስትጠይቁ ፊታችሁ ላይ ንቀት ከታየ ቀጥሎ የምትሰሙት ሁሉ የተቆረጠ ይሆናል። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ግን በተለይ የሚጠጣው ነገር ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ነው። መድኃኒት ቢታዘዝም ፀበሉን ወይም ዱዓውን ተዉ የሚላቸው እንደሌለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ፈቃድ በጽሑፍ ውሰዱ። እናት ሕጋዊ አሳዳጊ ሆና ውጭ ካለች አያቷ ባሉበት በስልክ አነጋግሯትና የተነጋገራችሁበትን ቀን ከአያቷ ፊርማ ጋር አስፍሩ። የእናትየው ስልክ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።

ለልጅቷ ደግሞ ደብዳቤው ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ንገሯት። ብትፈልግ አንብቡላት። «ይሄን አትጻፉት» ካለች እና የደህንነቷ ጉዳይ ካልሆነ አውጡት። «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል አትግቡላት፤ «ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር» ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ።

4. ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ እወቁ

በአገራችን የልጆች የአእምሮ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ነው ያሉት። ደሴ ውስጥ ልጅቷን መጀመሪያ የሚያያት በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለ ባለሙያ ነው። እሱ ካስፈለገ ወደ ልጆች ሐኪም ያስተላልፋል። ስለዚህ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ አስባችሁ ጻፉት። «በስልክ እንደነገርኩዎት» የሚል ነገር አይኑረው።

ቤተሰቡ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆነ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ብቻውን ሆስፒታል ላይ አይሠራም። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያቸው ሄደው የጤና ጣቢያውን ሪፈር ማጻፍ አለባቸው። የእናንተ ደብዳቤ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ይህን ሳይነገራቸው ከኮምቦልቻ ተነስተው የሀረጎን ዳገት ወጥተው ካርድ ክፍል የሚመለሱ ቤተሰቦች አሉ። ሁለተኛ ጊዜ አይመጡም።

5. አሁን ጻፉት

ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። በአማርኛ ይሁን፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጻፍ ትርጉም የለውም። የአስቸኳይነቱን ደረጃ ከላይ አስቀምጡ፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነው። ለምሳሌያችን እንዲህ ይወጣል፦

> ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ሚስጥራዊ፤ በሐኪም ብቻ የሚከፈት
>
> ለልጆችና ወጣቶች የአእምሮ ሐኪም / ለአእምሮ ሕክምና ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የ13 ዓመት ሴት ተማሪን ለምርመራ ስለመላክ
>
> አስቸኳይነት፦ የዛሬ ድንገተኛ አይደለም። ሆኖም የሞት ምኞት ስለተናገረች በዚህ ሳምንት ብትታይ እንጠይቃለን።
>
> ተማሪ (ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን) የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ከአያቷና ከ6 ዓመት ወንድሟ ጋር ትኖራለች። እናቷ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ውጭ አገር ናቸው። አባቷ አብረው አይኖሩም።
>
> የቀድሞ ሁኔታዋ፦ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ታነብ ነበር። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ወደ ቤት ትሄድ ነበር። የመጀመሪያ ሴሚስተር አማካይዋ 81 ነው።
>
> የተለወጠው፦ ከጥር አጋማሽ ወዲህ ከክበቡ ወጥታለች። በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች። ስትጠየቅ በአንድ ቃል ትመልሳለች። የሁለተኛ ሴሚስተር ፈተናዎች አማካይዋ እስካሁን 54 ነው። 16 ቀን ቀርታለች፤ ከነዚህ 4ቱ ቀድሞም አያቷን በገበያ የምታግዝባቸው ሰኞዎች ናቸው። ምሳዋን ሳትበላ ትመልሳለች። ይህ ከረመዳን በፊት የጀመረ ሲሆን ከዒድ በኋላም አልተለወጠም።
>
> ቤት ውስጥ (አያቷ እንደነገሩን)፦ እኩለ ሌሊት ድረስ አትተኛም። የእናቷን ስልክ አትቀበልም። ልብሷ ሰፍቷታል። ከወንድሟ ጋር አትጫወትም።
>
> ደህንነት፦ ሚያዝያ 6 ለብቻዋ ጠይቀናት «ባልነቃ ደስ ይለኛል» ብላለች። ይህን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንደምታስበው ተናግራለች። እቅድም ሙከራም እንደሌላት ገልጻለች። ራሷን የመጉዳት ምልክት አላየንም። ድምፅ እንደማትሰማ ተናግራለች። አያቷ መርዝና መድኃኒት ቆልፈዋል።
>
> የቀድሞ ታሪክ፦ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከቤተሰቧ ጋር ተፈናቅላለች። ከተመለሱ በኋላ ለጥቂት ወራት ሌሊት ትሸና እንደነበርና በራሱ እንደተወ አያቷ ይናገራሉ። ሌላ የታወቀ ሕመም የለባትም። ስትጠራ ትሰማለች፤ ፍዝዝ የማለት ሁኔታ አላየንም።
>
> እስካሁን የተደረገው፦ አራት ጊዜ አነጋግረናታል፤ ለውጥ አላየንም። ቤተሰቡ ቁርአን አስቀርተውላታል። የተጠጣ መድኃኒት የለም።
>
> የምንጠይቀው፦ (1) ምርመራ እንዲደረግላት፣ (2) ትምህርት ቤቱ ምን እንዲያደርግና እንዳያደርግ እንዲነገረን፣ (3) ምን ምልክት ካየን ወዲያውኑ እንመልሳት የሚለው እንዲጻፍልን።
>
> አያቷ ተስማምተው ፈርመዋል። እናቷ ሚያዝያ 7 በስልክ ፈቅደዋል። ተማሪዋ የደብዳቤውን ይዘት ታውቃለች።
>
> የአማካሪ ስም፣ ፊርማ፣ ቀጥታ ስልክ

ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ድብርት» የሚል ቃል የለበትም። ሐኪሙ ራሱ ይድረስበት፤ እኛ ቀድመን ስም ከሰጠነው የእኛን ስም ይዞ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ደግሞም እንቅልፍ ያጣ፣ የከሳና የፈዘዘ ልጅ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ችግርም ሊኖርበት ይችላል። ሌላው፣ እናቷ በመሄዷ ነው ብለን አልደመደምንም። እናቷ የሄደችው ነሐሴ ነው፤ ለውጡ የመጣው ጥር ነው። በመሃል አምስት ወር አለ። ጥር ላይ ሌላ ነገር ደርሶ ይሆን? ሐኪሙ ይህን ጥያቄ እንዲያነሳ ሁለቱን ቀኖች ማስቀመጥ በቂ ነው።

6. ደብዳቤው ውስጥ የማይገባ፣ ግልባጭም የማይደረግ

የጎረቤት ወሬ፣ የአባትየው ጠባይ፣ የሌላ ተማሪ ስም አይገባም። ጥቃት ደርሶባት ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ቤተሰብ ይዞት በሚሄደው ወረቀት ላይ አትጻፉ። ጥቃት አድራሹ ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው ሊሆን ይችላል። «በአካል ወይም በስልክ የምናስረዳው ተጨማሪ ጉዳይ አለ» ብላችሁ አስፍሩና ለሐኪሙ ራሳችሁ ንገሩ። ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ቢሮ ማሳወቁ ሐኪሙን አይጠብቅም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ከዚያ የማህተሙ ጣጣ። ደብዳቤው ለጸሐፊ ተሰጥቶ ይተየባል፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ያገኛል፤ ከታች «ግልባጭ» የሚል ዝርዝር ይወጣለታል። በሦስተኛው ቀን ሻይ ክበብ ይወራል። ስለዚህ ራሳችሁ ተይቡት። መዝገብ ቤት የሚገባው «አንድ ተማሪ ለጤና ምርመራ ተልካለች» የምትል የአንድ መስመር መሸኛ ብቻ ይሁን። ማህተሙ መሸኛዋ ላይ ይረፍ። ዋናውን አሽጋችሁ በታሸገበት ላይ ፈርሙ። ቅጂው የእናንተ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ግልባጭ ለማንም የለም። ርዕሰ መምህሩ ማወቅ ካለባቸው በቃል ይነገራቸው፤ እሱም የሚያስፈልገውን ያህል። ዝርዝሩን ካልሰማን አንፈርምም የሚሉ ኃላፊዎች ያጋጥማሉ፤ የአያቷን የፈቃድ ፊርማ አሳይቷቸውና ፈቃዱ ለሐኪሙ ብቻ እንደሆነ ንገሯቸው።

7. ከተላከ በኋላ

የቀጠሮውን ቀን ከአያቷ ተቀበሉና በማግስቱ ደውሉ። መሄዳቸውን ሳይሆን ማን እንዳያት፣ ምን እንደተባለና ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሄዱ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የትራንስፖርት ብር ወይም የሪፈሩ ነገር ነው፤ በዚያው ስልክ መፍትሔ ፈልጉለት።

ለመምህራን የሚነገረው ይህ ብቻ ነው፦ ለጊዜው ሰሌዳ ላይ አትጥሯት፣ ፈተና ካመለጣት አሳውቁን፣ የተለየ ነገር ካያችሁ ለአማካሪው ብቻ ንገሩ። የት እንደምትታከም አይነገርም።

የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላት እንደ ፍሎክሲቲን ያሉት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ ልጆች ላይ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሞት ሐሳብ መባባስ ሊታይ ይችላል። ይህን ካያችሁ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ጋር ደውሉ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታስቁሙ፤ አያቷም «ተሻላት» ብለው እንዳያቋርጡ ንገሯቸው።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ግማሽ ገጽ ጻፉ። አዲስ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። መጀመሪያ የለካችሁትን መልሳችሁ ለኩት፦ ከሰኞ ውጭ ስንት ቀን ቀረች፣ የሰሞኑ ፈተና ስንት መጣ፣ እረፍት ላይ ከክፍል ወጣች ወይስ አልወጣችም፣ ምሳዋስ። የሞቱንም ጥያቄ ያኔ በጠየቃችሁበት ቃል ደግማችሁ ጠይቋት፤ መልሷን ከነቀኑ አስፍሩት።